ሲብሰለሰሉ ማደርና «የሐሳብ ቀጠሮ»



«እህቴ፣ እንቅልፍ የሚያመጣ ነገር ስጪኝ» ብለው ወደ መድኃኒት ቤት የሚመጡ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። በደባርቅም ሆነ በዳባት በመስኮቱ በኩል የሚሰማው ይኸው ነው። ያምዎታል? ሲባሉ «አያመኝም» ይላሉ። ታዲያ ምን ይዞ ያሳድርዎታል? ሲባሉ ደግሞ መልሱ ተመሳሳይ ነው፤ «ሰው የተናገረኝን ነገር ሳወጣ ሳወርድ ይነጋል።» ደጋ ነውና በእኛ አገር ሌሊቱ ብርድ ነው፤ ቤተሰቡ በጊዜ ይተኛል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ዝምታው ይበዛል። በዚያ ዝምታ ውስጥ የቀኑ ንግግር እንደገና ይጀምራል። «እንዲህ አለችኝ፤ እኔም እንዲህ ብዬ መመለስ ነበረብኝ...»

ለዚህ ችግር ክኒን የመጀመሪያ መልስ አይደለም። በዚህ ወር ዓምዳችን የምንመለከተው ወረቀትና እርሳስ ብቻ ስለሚጠይቅ፣ ለ40 ዓመታት ያህል ሲሠራበት ስለቆየ አንድ ዘዴ ነው። ዘዴው ለሐሳብ ቀጠሮ መስጠት ነው።

መብሰልሰል ምንድን ነው?

ከብት የዋጠውን ሣር መልሶ ወደ አፉ እያመጣ ያመሰኳል። የሰውም አእምሮ ያለፈን ንግግር እንዲሁ መልሶ መላልሶ ያላምጣል። ልዩነቱ ግን ትልቅ ነው። ከብቱ ሲያመሰኳ ምግቡ ይልማል፣ ሰውነቱም ይጠቀማል። የሚብሰለሰል ሰው ግን አንዱን ንግግር 50 ጊዜ ቢያላምጠውም በ50ኛው ጊዜ የሚያገኘው አዲስ ነገር የለም። የሚጨምረው ድካምና ቂም ብቻ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ጥያቄ ይነሳል። በዲናችን ሰው ነፍሱን እንዲተሳሰብ፣ ሙሓሰባ እንዲያደርግ ታዟል፤ ታዲያ የሠራነውንና የተናገርነውን ማሰብ ምን ክፋት አለው? የሚል። መልሱ በፍጻሜው ይታወቃል። ሙሓሰባ ማብቂያ አለው። ሰው ያጠፋውን ያያል፣ ተውበት ያደርጋል፣ የበደለውን ይቅርታ ይጠይቃል፣ ከዚያም ወደ ሥራው ይሄዳል። መብሰልሰል ግን ማብቂያ የለውም። አንዱ «ምን ላድርግ?» ብሎ ሲጠይቅ ሌላው «ለምን እንዲህ ሆንኩ? ለምን እንዲህ አለችኝ?» እያለ ይዞራል። «ለምን» የሚለው ጥያቄ በሌላ ሰው ልብ ውስጥ ያለውን ማወቅ ስለሚጠይቅ፣ በጨለማ ተኝተን የምንመልሰው አይደለም።

የጉዳቱን መጠን ያሳየ አንድ ጥናት አለ። እ.ኤ.አ. በ1989 በአሜሪካ በሳን ፍራንሲስኮ አካባቢ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደረሰ። ሱዛን ኖለን-ሆክሲማ የተባሉት የሥነ ልቦና ምሁር ከአደጋው ሁለት ሳምንት በፊት ስለ ሌላ ነገር ብለው የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን ጠይቀው ነበር። «ሲከፋችሁ ምን ታደርጋላችሁ?» የሚል ጥያቄ ነበረበት። ከአደጋው ሰባት ሳምንት በኋላ ሲታዩ፣ ቀድሞውኑ ሲከፋቸው ቁጭ ብለው የመብሰልሰል ልማድ የነበራቸው ተማሪዎች ከሌሎቹ ይልቅ በድባቴ ስሜት ተይዘው ተገኙ። አደጋው ለሁሉም አንድ ነበር፤ ከአደጋው በኋላ አእምሮን የመያዝ ልማድ ግን ለየቅል ነበር።

የእኛም ሊቃውንት ጉዳዩን አልዘነጉትም። ከ850 እስከ 934 እ.ኤ.አ. የኖሩት አቡ ዘይድ አል-በልኺ «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» በተባለው መጽሐፋቸው ስለ አካል ጤና ከጻፉ በኋላ ስለ ነፍስ ጤና ለብቻው ጽፈዋል። የነፍስን ሕመም በቁጣ፣ በፍርሃት፣ በሐዘንና በወስዋስ ከፍለው አስቀምጠዋል። ሰው በጤናው ጊዜ ጥሩ ጥሩ ሐሳቦችን ለክፉ ቀን አዘጋጅቶ ያኑር፣ ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት በቤት እንደሚቀመጠው ሁሉ ማለታቸው ለእኛ ለመድኃኒት ቤት ሰዎች ደስ የሚያሰኝ ምሳሌ ነው።

«እርሺው!» ለምን አይሠራም?

ለሚብሰለሰል ሰው ዘመድ ወዳጅ የሚሰጠው ምክር «ተዪው፣ እርሺው» የሚል ነው። ምክሩ ከፍቅር የመጣ ነው፤ ነገር ግን ሐሳብ በትዕዛዝ አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1987 ዳንኤል ዌግነር የተባሉ ተመራማሪ ሰዎችን «ስለ ነጭ ድብ አታስቡ» ብለው ሞከሯቸው። ሰዎቹ ነጩን ድብ ማሰብ አልተዉም፤ ክልከላው ሲነሳላቸው ደግሞ ከበፊቱ የበለጠ አሰቡት። እኛም «ለአምስት ደቂቃ ስለ ዋልያ አታስቡ» ብንባል ከሊማሊሞ ማዶ ያለው ዋልያ ሁሉ ወደ ቤታችን ይመጣል።

ስለዚህ ሐሳቡን ከመከልከል ይልቅ ማዘግየት ይሻላል። «አትምጣ» ያሉት ሐሳብ ይታገላል፤ «በ11 ሰዓት ና» ያሉት ሐሳብ ግን ብዙውን ጊዜ ይጠብቃል። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ በፔንሲልቬኒያ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ቶማስ ቦርኮቬክና ባልደረቦቻቸው ይህን ዘዴ ሥር በሰደደ ጭንቀት በሚቸገሩ ሰዎች ላይ ለአራት ሳምንታት ሞከሩት። ቀጠሮውን የያዙት ሰዎች ካልያዙት ይልቅ በቀን ውስጥ በጭንቀት የሚያሳልፉት ጊዜ ቀነሰ።

ምክንያቱ ይህ ነው። ሰው በሚብሰለሰልበት ቦታ ሁሉ አእምሮ ያንን ቦታ ከሐሳቡ ጋር ያያይዘዋል። አልጋ ላይ ለወራት የተብሰለሰለ ሰው ጎኑን ሲያሳርፍ ብቻ ሐሳቡ ይነሳበታል። ምጣድ አጠገብ የተብሰለሰለች ምጣዱ ሲጣድ ይነሳባታል። ሐሳቡን በአንድ ቦታና በአንድ ሰዓት ከሰበሰብነው ግን አልጋው እንደገና የመኝታ፣ ምጣዱም የእንጀራ ብቻ ይሆናል።

የቀጠሮው አራት ሥራዎች

አንደኛ፣ ሐሳቡን መለየት ነው። ለሁለትና ለሦስት ቀን ሐሳቡ ሲመጣ ሰዓቱንና ቦታውን ብቻ ይመዝግቡ። ብዙ ሰው «ቀኑን ሙሉ ነው» ይላል፤ ሲመዘገብ ግን ሦስት ወይም አራት የታወቁ ጊዜያት ሆኖ ይገኛል።

ሁለተኛ፣ ሰዓትና ቦታ መቁረጥ ነው። በየቀኑ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ ቦታ፣ ግማሽ ሰዓት። ለጀማሪ 20 ደቂቃም ይበቃል። ለእኛ የሚመቸው ከዐስር በኋላ፣ ከመግሪብ በፊት ያለው ጊዜ ነው፤ ለምሳሌ ከቀኑ 11፡00 እስከ 11፡30። የመግሪብ አዛን ራሱ የማይለወጥ ማቆሚያ ይሆናል። ቦታው ግን አልጋም መስገጃም አይሁን። አልጋው ለእንቅልፍ፣ መስገጃው ለሶላት ይቆይ። በረንዳ ላይ ያለ በርጩማ ይበቃል። ከኢሻ በኋላ ቀጠሮ አይያዝም፤ ሐሳቡ ትኩስ እንደሆነ ወደ አልጋ ይከተላልና።

ሦስተኛ፣ ማዘግየት ነው። ሐሳቡ ከቀጠሮው ውጪ ሲመጣ አይጣሉት፣ አያባርሩት። «ጉዳይህ ተመዝግቧል፣ በ11 ሰዓት» ይበሉና በሁለት ቃል ወረቀት ላይ ያስፍሩት። መጻፍ ለማይችሉ ለጉዳዩ ስም መስጠት ይበቃል፤ «የዕቁቡ ነገር»፣ «የወንድሜ ነገር» ብሎ። ከዚያ እጅዎ ወደያዘው ሥራ ይመለሱ፤ ሊጡ ቀጠነ ወይስ ወፈረ? ሕፃኑ ምን አለ? ሐሳቡ 20 ጊዜ ቢመለስ 20 ጊዜ ይመልሱት። መመለሱ ራሱ ልምምዱ ነው።

አራተኛ፣ ቀጠሮውን ማክበር ነው። ሰዓቱ ሲደርስ በእርግጥ ይቀመጡና ያስቡ። ወረቀቱን በሦስት ይክፈሉት። በመጀመሪያው በኩል በጆሮ የተሰማውን ቃል ብቻ፤ በሁለተኛው እኔ የጨመርኩትን ግምት፤ በሦስተኛው ሊደረግ የሚችል ነገር ካለ እሱን። ሰዓቱ ሲሞላ ወረቀቱን አጥፈው ዱዓ አድርገው ይነሱ። ያላለቀው ለነገ 11 ሰዓት ነው።

በምሳሌ ሲታይ

የብዙ ሰዎችን ታሪክ በአንድ ላይ አድርገን አንዲት የዳባት እናት ብለን እንያዝ። በአንድ የአቂቃ ድግስ ላይ ዘግይታ ደረሰች። የባሏ እህት በሴቶች መካከል «አንቺማ አሁን ሰው ረስተሻል» አለቻት። እሷም «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ብላ ተቀመጠች። ነገሩ ይኸው ነበር። ከዘጠኝ ቀን በኋላም ግን ያቺ አንዲት ዓረፍተ ነገር ከሌሊቱ 4፡30 እስከ 7፡00 ሰዓት እንቅልፍ ትነሳታለች። በዙህር ሶላት ውስጥ ስንተኛ ረከዓ ላይ እንደሆነች ይጠፋታል።

ስትመዘግብ ሦስት ጊዜያት ተገኙ። እንጀራ ስትጋግር፣ ዙህር ስትሰግድ፣ እና አልጋ ላይ። ቀጠሮዋን ከቀኑ 11፡00 ሰዓት፣ ከቤቱ ጀርባ ባለው በርጩማ ላይ አደረገች። በመጀመሪያው ቀን ማዘግየቱ አልሆነላትም፤ ሐሳቡ በየደቂቃው ተመለሰ። ይህ የሚጠበቅ ነው። በ11 ሰዓት ስትቀመጥ ግን ወረቀቱ አንድ ነገር አሳያት። በመጀመሪያው በኩል የሠፈረው «አንቺማ አሁን ሰው ረስተሻል» የሚል አራት ቃል ብቻ ነበር። በሁለተኛው በኩል ግን ገጹ ሞላ፤ «ሁሉም ሳቁብኝ»፣ «ድሮም ትንቀኛለች»፣ «ባሌ ሰምቶ ዝም አለ»፣ «ከእንግዲህ አይጠሩኝም»። ስታስበው፣ ሲስቁ ያየቻቸው ሁለት ሴቶች ናቸው፤ በምን እንደሳቁም አታውቅም። ባሏ ከወንዶቹ ጋር ውጪ ነበር። እነዚህ ሁሉ ከሌሊቱ ንግግር የተወለዱ እንጂ በድግሱ ላይ የተባሉ አልነበሩም።

በአራተኛው ቀን ሌላ ነገር ሆነ። 11 ሰዓት ሲደርስ ስለ ጉዳዩ የምታስበው ከአምስት ደቂቃ በላይ አልተገኘም። ጠዋት እሳት የነበረው ሐሳብ እስከ ዐስር አመድ ሆኖ ነበር። ይህ የዘዴው ዋነኛ ጥቅም ነው፤ ሲዘገይ በራሱ የሚረግፍ ሐሳብ ብዙ ነው።

ሁሉም ግን አይረግፍም። በሦስተኛው በኩል ከቀን ወደ ቀን የሚጻፍ አንድ ነገር ቀረ፤ «ሄጄ ልጠይቃት»። በሁለተኛው ሳምንት ከጁምዓ በኋላ ዳቦ ይዛ ሄደች። «ያን ቀን ያልሽኝ ነገር ከበደኝ፤ ተቀይመሽኝ ነው እንዴ?» አለቻት። እውነትም ቅያሜ ነበረ። ልጇ ታሞባት በነበረ ጊዜ ይህች እናት አልጠየቀቻትም፤ መታመሙንም አልሰማችም ነበር። «አልሰማሁም፣ አፉ በዪኝ» ተባባሉ። ሁለት ሳምንት ሌሊት ሲጠየቅ የከረመው «ለምን?» መልስ የተገኘው ቀን በሩብ ሰዓት ንግግር ነው። ሄዳ ባትጠይቅ ኖሮ ሁለት ቤተሰብ በአራት ቃል ይቆራረጥ ነበር።

እንቅልፏ ወዲያው አልተስተካከለም። በሦስተኛው ሳምንት አልጋ ላይ የምትነቃበት ጊዜ ከሁለት ሰዓት ተኩል ወደ ግማሽ ሰዓት ወርዷል። አራት ሳምንት ሳይሞክሩ «አልሠራልኝም» ማለት አይገባም።

በምን ይበላሻል?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ማዘግየቱን ይዞ ቀጠሮውን ሲተው ነው። «ዛሬ ደህና ነኝ» ብሎ 11 ሰዓት ላይ ሳይቀመጥ ይቀራል። አእምሮ ቀጠሮው እንደማይከበር ሲያውቅ ሌሊት መጠየቁን ይቀጥላል። የሚታሰብ ባይኖርም ለአምስት ደቂቃ ይቀመጡ።

ሁለተኛው፣ ቀጠሮውን ከጎረቤት ጋር ቡና ላይ ማድረግ ነው። ነገሩን ለሦስተኛ ሰው መልሶ መላልሶ መተረክ መብሰልሰልን በሁለት አፍ ማድረግ ነው፤ በዚያ ላይ ወደ ሐሜት ይገባል። ምክር መጠየቅ ከዚህ ይለያል፤ ምክር የሚጠየቀው አንድ ጊዜ፣ መፍትሔ ከሚያውቅ ሰው፣ «ምን ላድርግ?» በሚል ነው።

ሦስተኛው ሶላትን ይመለከታል። በሶላት ውስጥ ሐሳቡ ሲመጣ ወረቀት የለም፤ ንግግርም የለም። «ቀጠሮ አለው» ብለው በልብዎ ማወቅ ይበቃል፤ ከዚያ አንደበትዎ ወደሚያነበው ሱራ ትርጉም ይመለሱ። ሐሳቡ በመምጣቱ ብቻ ራስን መውቀስ ሌላ መብሰልሰል ይወልዳል።

አልጋ ላይ ሐሳቡ ቢነሳስ? በራስጌ ባለች ቁራጭ ወረቀት ሁለት ቃል ጽፈው ይተኙ። 20 ደቂቃ ያህል ካለፈና እንቅልፍ ካልመጣ ከአልጋ ይነሱ፤ ጋቢ ደርበው ሌላ ቦታ ዚክር እያደረጉ ይቀመጡ፤ እንቅልፍ ሲጫጫንዎ ይመለሱ። አልጋው የመብሰልሰያ ቦታ እንዳይሆን ነው።

ቡናና ክኒን

የምንጠጣውም በዚህ ውስጥ ድርሻ አለው። በቡና ውስጥ ያለው ካፌይን ግማሹ ከሰውነት እስኪወጣ በአማካይ አምስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። ከምሽቱ 12 ሰዓት ላይ አቦል፣ ቶናና በረካ የጠጣ ሰው ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና በደሙ ውስጥ ነው። በእርጉዝ እናቶችና የወሊድ መከላከያ ክኒን በሚወስዱ ሴቶች ደግሞ ጊዜው ከዚህም ይረዝማል። ቡናው ሐሳቡን አይፈጥረውም፤ ነገር ግን ነቅቶ የሚጠብቀው ሰው ያዘጋጅለታል። ቀጠሮውን በጀመሩበት ወር የቡናውን ሰዓት ከዙህር በፊት ማድረግ መልካም ነው።

ዲያዜፓምን የመሳሰሉ መድኃኒቶች በልዩ ማዘዣ ብቻ የሚሰጡት ያለምክንያት አይደለም። ለጥቂት ሳምንታት በየቀኑ ሲወሰዱ ሰውነት ይለምዳቸዋል፤ የበፊቱ መጠን አይበቃም፤ በድንገት ሲቆሙም ጭንቀቱና እንቅልፍ ማጣቱ ብሶ ይመለሳል። ከጎረቤት የተረፈ ክኒን መዋዋስ አይገባም። አስቀድሞ በየቀኑ የሚወስድ ሰው ደግሞ በራሱ በአንዴ እንዳያቆም፤ ሐኪም ቀስ በቀስ ያስቀንሰዋል።

ቀጠሮ የማይበቃው መቼ ነው?

ይህ ዘዴ ለሚዞር ንግግርና ለጭንቀት እንጂ ለሁሉም ዓይነት ሕመም አይደለም። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ በዳባትና በአካባቢው በደረሰው ጦርነት ቤተሰቡን ያጣ ወይም ክፉ ነገር ያየ ሰው፣ ያ ነገር አሁን እየሆነ እንዳለ ድንገት የሚታየው፣ በቅዠት የሚባንን፣ ከዚያ መንገድ የሚሸሽ ከሆነ «በ11 ሰዓት አስበዋለሁ» ማለት አይበቃውም። ለዚህ የሚረዳው የሠለጠነ ባለሙያ ነው። ውዱእ አልሞላልኝም እያለ አሥር ጊዜ የሚታጠብ፣ ኒያውን ደጋግሞ የሚያድስ ሰውም ወስዋሱ ራሱን የቻለ ሕክምና ያለው ሕመም ሊሆን ይችላል።

ሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ቀኑን ሙሉ የሚያዝን፣ ከሚወደው ነገር ሁሉ ደስታ ያጣ፣ ምግብ የዘጋው ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ካስፈለገም ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። «ብሞት ይሻላል» የሚል ሐሳብ የመጣበት ሰው ግን ቀጠሮ አይሰጠው፤ ብቻውን አይተው፤ በዚያው ቀን ቤተሰብ ይዞት ወደ ሕክምና ይሂድ። ቤት ውስጥ ያለ መድኃኒትና የጸረ-ተባይ ኬሚካል ከእጁ ይራቅ። ይህን መናገር ኢማን ማነስ አይደለም፤ ሕመምን ለሐኪም መንገር ነው።

ለሌላው ግን ዛሬ ከዐስር በኋላ አንድ በርጩማና አንድ ወረቀት ይበቃል። ወረቀቱን በሦስት ይክፈሉ፤ በመጀመሪያው በኩል በጆሮዎ የሰሙትን ቃል ብቻ ይጻፉ።

ወሏሁ አዕለም።